በፎቶ የተላከ ስሌት፦ መፍታት፣ ማረም ወይስ ስህተቱን ማስረዳት?

ኮምቦልቻ ውስጥ ሂሳብ የሚያስተምር ሰው ማታ ስልኩን ሲከፍት፣ ከቤት ሥራ ደብተር ላይ የተነሳ አንድ ሁለት ፎቶ በቴሌግራም ሳይጠብቀው አይቀርም። ፎቶው አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን ይመጣል፤ ከሥሩ ጽሑፍ ካለም «ቲቸር እቺን» ከሚል አይዘልም። ላኪው ጥያቄው ተሠርቶ እንዲመጣለት ፈልጎ ይሁን፣ የሠራው ልክ መሆኑ እንዲነገረው፣ ወይስ የት ጋ እንደሳተ እንዲገለጽለት ከፎቶው ብቻ ማወቅ ያስቸግራል። ገጹ ላይ የተሰረዘ ስሌት ሲኖር ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል፤ ምክንያቱም አንድ ወረቀት ላይ ሁለት ሐሳቦች ተቀምጠዋል፤ አንደኛው ተማሪው ሞክሮ የተወው፣ ሌላኛው መልሴ ነው ብሎ የያዘው ነው። አብዛኞቻችን መላሾች ዓይናችን የሚሄደው ወደ ሁለተኛው ነው። የተሰረዘውን ተማሪው ራሱ ስለጣለው እኛም እንጥለዋለን።

እኔ ግን በሥራዬ ካየሁት ተነስቼ የምለው፣ መጀመሪያ መነበብ ያለበት የተሰረዘው ነው። መፍታት፣ ማረም ወይም ማስረዳት ከሚሉት አንዱን መምረጥ የሚቻለውም እሱ ከተነበበ በኋላ ነው። ይህን ለማሳየት አንድ ፎቶ ብቻ ወስጄ መስመር በመስመር ልሂድበት።

ፎቶውን የላከችልኝ አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ጥያቄው እንደ ክፍሉ ትምህርት በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሲሆን፣ በአማርኛ ሲነገር እንዲህ ነው፦ አንድ የጭነት መኪና ከአንድ ከተማ ወደ ሌላ ከተማ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ ይሄዳል፤ በዚያው መንገድ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ ይመለሳል፤ የደርሶ መልሱ አማካይ ፍጥነት ስንት ነው? በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት አልተሰጠም። ለእኛ አካባቢ ልጅ ጥያቄው እንግዳ አይደለም። ከኮምቦልቻ ተነስቶ የሐረጎን ዳገት እያቃሰተ ወደ ደሴ የሚወጣ፣ ጭነቱን አራግፎ ደግሞ ቀለል ብሎት የሚወርድ መኪና በየቀኑ የምናየው ነው።

ከጥያቄው በታች በሰማያዊ እስክሪብቶ የሚከተለው ተጽፏል፦

```
t1 = d/20
t2 = d/30
2d ÷ (d/20 + d/30)
= 2d ÷ (2d/50)
= 50
```

በእነዚህ አምስት መስመሮች ላይ ሁለት ረጃጅም ጭረቶች ከጥግ እስከ ጥግ ተስበዋል። ከእነሱ ሥር ደግሞ እንዲህ የሚል አጭር ስሌት አለ፤ መልሱም በሳጥን ተከቧል፦

```
(20 + 30) ÷ 2 = 25
```

ትክክለኛው መልስ በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ በሳጥን ውስጥ ያለው 25 ስህተት ነው፤ ከተሰረዘው የወጣው 50ም ስህተት ነው። ከመላሹ ፊት ሦስት መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው ጥያቄውን ከላይ እስከ ታች በንጹሕ ወረቀት ሠርቶ፣ ፎቶ አንስቶ መላክ ነው። በተማሪዎች የቴሌግራም ቡድኖች ውስጥ የተለመደው ይህ ነው፤ ፈጣን ነው፤ መላሹንም ያስመሰግናል። ይሁንና ልጅቷ የእኔን 24 ከእሷ 25 አጠገብ ብታስቀምጠው የምታየው የአንድ ቁጥር ልዩነት ነው። «ለጥቂት ሳትኩት» ብላ ትገለብጠዋለች። የእሷ መንገድና የእኔ መንገድ የተለያዩበት ቦታ የት እንደሆነ የኔ ንጹሕ ወረቀት አይነግራትም።

ሁለተኛው መንገድ ማረም ብቻ ነው፤ «25 ልክ አይደለም፣ ደግመሽ ሞክሪ» ማለት። ይህ ምላሽ ለአንዳንድ ተማሪ ይበቃል። ይቺ ልጅ ግን ሁለት መንገዶችን ሞክራለች፤ አንደኛውን ራሷ ጥላዋለች፤ አሁን ሁለተኛውን እኔ ብጥልባት እጇ ላይ ምንም አይቀርም። ደግማ የምትሞክረው በምን ላይ ተመሥርታ ነው?

ሦስተኛው ስህተቱን ማስረዳት ነው። ይህኛው ከሦስቱ የተሻለ ይመስላል፤ እውነቱን ለመናገር እኔም የጀመርኩት በእሱ ነበር። «አማካይ ፍጥነት ማለት የሁለት ፍጥነቶች አማካይ ማለት አይደለም፤ ጠቅላላው ርቀት ለጠቅላላው ጊዜ ሲካፈል የሚገኝ ነው» ብዬ ሁለት ዓረፍተ ነገር ከጻፍኩ በኋላ ፎቶውን አጉልቼ የተሰረዘውን ሳነብ እጄ ቆመ። እላት የነበረውን ነገር ልጅቷ ታውቀዋለች! ሦስተኛውን መስመር እንመልከተው። ተካፋዩ 2d ነው፤ ይህ የመሄጃና የመመለሻ ርቀት ድምር ነው። በአካፋዩ ቦታ d/20 እና d/30 ተደምረዋል፤ እነዚህ የመሄጃና የመመለሻ ጊዜዎች ናቸው። ጠቅላላ ርቀት ለጠቅላላ ጊዜ ማለት ይኸው ነው። ርቀቱ ባይሰጥም d ብሎ መሰየምና መቀጠል እንደሚቻልም ገብቷታል፤ ብዙ ተማሪዎች «ርቀቱ ስላልተሰጠ አይሠራም» ብለው የሚቆሙት እዚያ ላይ ነው። ያንን ማብራሪያ ብልክላት ኖሮ የምታውቀውን አስተምሬ፣ የማታውቀውን ሳልነካ አልፍ ነበር።

ታዲያ የማታውቀው የትኛው ነው? ከአምስቱ መስመሮች የተበላሸው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም አራተኛው። d/20 እና d/30 ሲደመሩ 2d/50 ሆነዋል። ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምራለች። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በራሱ ልክ ነው፤ 2d ለ 2d/50 ሲካፈል በእርግጥም 50 ይወጣል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር ነበር። በአራተኛው መስመር ሁለቱም 2d ላይ ትናንሽ ጭረቶች አሉ። በመጀመሪያ እይታዬ እነሱንም ስረዛ መስለውኝ፣ ልጅቷ መስመሩን ጀምራ መሐል ላይ ሐሳቧን የቀየረች አድርጌ አንብቤው ነበር። በሂሳብ ደብተር ላይ ጭረት ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው መሰረዝ ነው፤ «ይህን ትቼዋለሁ» ይላል። ሁለተኛው ማጣፋት ነው፤ «ከላይና ከታች ያሉት እነዚህ እኩል ስለሆኑ ይጣፋሉ» ይላል፤ ይህም ራሱ የስሌቱ አንድ እርምጃ ነው። በፎቶ ላይ ሁለቱ ይመሳሰላሉ፤ ግን ይለያሉ። የማጣፋት ጭረት አጭር ነው፤ አንድ ፊደል ወይም አንድ ቁጥር ላይ ያርፋል፤ አብዛኛውን ጊዜም ጥንድ ጥንድ ሆኖ አንዱ ከላይ ሌላው ከታች ይገኛል። የመሰረዝ ጭረት ረጅም ነው፤ የእኩል ይሆናል ምልክቱንም ሆነ ባዶውን ቦታ ሳይመርጥ ይሻገራል። ይህን ልዩነት ያላየ መላሽ ትክክለኛ እርምጃን እንደ ጥፋት ቆጥሮ ሊያርም ይችላል።

ከጭረቱ የሚነበብ ሌላም ነገር አለ፤ መቼ እንደተሰረዘ። መስመሩ ሳያልቅ መሐል ላይ የተሰረዘ ከሆነ፣ ተማሪው እየጻፈ ሳለ የተጠራጠረው ነገር አለ ማለት ነው። በእኛ ፎቶ ግን ረጃጅሞቹ ጭረቶች ከመጨረሻው 50 ጀምረው እስከ t1 ድረስ ሁሉንም ይሸፍናሉ። ስለዚህ የተሰረዘው ሥራው ካለቀና መልሱ ከወጣ በኋላ ነው። ያልተዋጠላት መንገዱ ሳይሆን መልሱ ነው። 50ን አየች፣ አልቀበልም አለች፣ ሁሉንም ጣለች።

ይህ እንግዲህ ግምት ነው፤ የሚረጋገጠውም በመጠየቅ ነው። ስለዚህ የጻፍኩትን አጥፍቼ አንድ ጥያቄ ብቻ ላክሁ።

«ከላይ ያለውን ለምን ሰረዝሽው?»

ምላሹ ወዲያው መጣ። «ቲቸር፣ 50 ወጣብኝ እኮ። መኪናው ሲሄድም ሲመለስም 30 አላለፈም፤ እንዴት 50 ይሆናል ብዬ ነው።»

በዚህ ምላሽ ውስጥ ያለው አስተውሎት ቀላል አይደለም። አማካይ ከትልቁ ሊበልጥ፣ ከትንሹም ሊያንስ እንደማይችል ታውቃለች፤ መልሷን ከእውነተኛው ነገር ጋር አመሳክራለች። ብዙ ተማሪ ይህን አያደርግም። የጎደላት ከዚያ ቀጥሎ ያለው እርምጃ ነው፤ መልሱ የማይሆን ሆኖ ሲገኝ የተበላሸውን አንድ መስመር መፈለግ ሲገባ፣ ሙሉውን መንገድ ጣለችውና ወደ ቀላሉ ሄደች። 25 በ20 እና በ30 መካከል ስለሆነ አልተጠራጠረችውም። ጥሩው የማመሳከር ልማዷ 50ን ሲይዝ 25 ግን ሾልኮ አለፈ።

አሁን ምላሹ ምን መሆን እንዳለበት ግልጽ ሆነ። መንገዱን መፍታት አያስፈልግም፤ ፈትታዋለች። ስለ አማካይ ፍጥነት ማስረዳትም አያስቸኩልም። የሚያስፈልገው የተሰረዘውን መመለስና አራተኛው መስመር ላይ መቆም ነው። «የሰረዝሽው መንገድ ልክ ነው፤ ከአምስቱ መስመሮች አንዱ ብቻ ተበላሽቷል፤ d በ60 ተኪና መስመር በመስመር አስሊው» አልኳት።

60ን የመረጥኩት ለ20ም ለ30ም ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ነው። ርቀቱ 60 ኪሎ ሜትር ቢሆን መኪናው ዳገቱን በ3 ሰዓት ይወጣዋል፤ በ2 ሰዓት ይመለሳል፤ ጠቅላላ 5 ሰዓት። በእሷ 2d/50 ሲሰላ ግን 120 ለ50 ተካፍሎ 2.4 ሰዓት ይመጣል። መውጫው ብቻውን 3 ሰዓት ፈጅቶ ሳለ፣ መውጫና መመለሻው ተደምረው 2.4 ሰዓት ሊሆኑ አይችሉም። ይህን ለማየት ሕግ መጥቀስ አያስፈልግም፤ ልጅቷ 50ን የጣለችበት ያው አስተውሎት እዚህም ይሠራል። ልዩነቱ፣ አሁን የተበላሸው የትኛው መስመር እንደሆነ ቁጥሩ ራሱ መጠቆሙ ነው። ሁለተኛው መስመር ድረስ 3 እና 2 ይመጣል፤ አራተኛው ላይ ሲደርስ 5 መሆን የነበረበት 2.4 ይሆናል።

ከዚያ በኋላ የክፍልፋይ ድመራው በአጭሩ ያልቃል። ጊዜዎቹ የጋራ ታህት እንዲኖራቸው ሁለቱም ወደ 60 ይመጣሉ፤ d/20 ማለት 3d/60 ነው፤ d/30 ማለት 2d/60 ነው፤ ድምራቸው 5d/60፣ ሲቃለል d/12 ይሆናል።

```
2d ÷ (d/12) = 2d × 12/d = 24
```

እዚህ d ከላይና ከታች ይጣፋል። ርቀቱ ያልተሰጠውም ለዚህ ነው፤ ምንም ያህል ቢሆን መልሱን አይቀይረውም።

ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት መደመር ከየት ይመጣል? ሰነፍነት ወይም ቸልተኝነት ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ እኔ ግን ተማሪዎች በየቀኑ ከሚያዩት አንድ ነገር የሚመጣ ይመስለኛል። ፈተና አርመን ስንመልስ ወረቀቱ ላይ 7/10 ብለን እንጽፋለን፤ በሚቀጥለው ፈተና 8/10። ሁለቱን ስንደምር 15/20 ነው የምንለው። እዚያ ላይ ከላይ ከላይ፣ ከታች ከታች መደመር ልክ ነው፤ ምክንያቱም የምንደምረው ተማሪው ያገኘውንና የተጠየቀውን ለየብቻ ነው። የክፍልፋይ ድመራ ግን ሌላ ነገር ነው። ሩብ እንጀራና ሩብ እንጀራ ሲደመሩ ግማሽ ይሆናሉ እንጂ 2/8፣ ማለትም መልሶ ሩብ፣ አይሆኑም። ያው አግድም መስመር ሁለት ሥራ ሲሠራ ካየ ልጅ፣ አንዱን ከሌላው ጋር ማምታታት የሚጠበቅ ነው። በእኛ አካባቢ ላይ ደግሞ አንድ የተጨመረ ምክንያት አለ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ 4ኛና 5ኛ ክፍል የነበሩ ልጆች የክፍልፋይ ድመራ በሚጸናበት ዕድሜ ላይ ነበሩ፤ ትምህርታቸው ተቋርጧል፤ ከፊሎቹም ከቤታቸው ተፈናቅለዋል። አሁን 9ኛ ክፍል አካባቢ ደርሰዋል። የ9ኛ ክፍል ጥያቄ ላይ የሚታየው ስንጥቅ መነሻው ከዚያ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህም ነው መላሹ የ9ኛ ክፍሉን ርዕስ ብቻ እያየ ቢያስረዳ ስንጥቁን የማያገኘው።

የ25 ጉዳይም መመለስ ነበረበት፤ ግን ሁለተኛ ሆኖ። አንድ ፎቶ ላይ ሁለት ስህተት ሲኖር ሁለቱንም በአንድ መልእክት ማፍሰስ ተማሪውን ያደናግራል፤ የትኛው ከየትኛው እንደመጣም ይጠፋል። በዚህ ፎቶ 25ን የወለደው የክፍልፋዩ ስህተት ነው፤ እሱ ባይኖር ልጅቷ ወደ 25 አትሄድም ነበር። ስለዚህ 24ን ካገኘች በኋላ «አሁን ታች ያለውን 25 ምን ትይዋለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። የመለሰችው፣ በካርድ ላይ አማካይ ውጤት ሲወጣ ተደምሮ በብዛቱ እንደሚካፈል፣ ይህም እንደዚያው መስሏት እንደነበር ነው። ከ24 ጋር በጣም ስለሚቀራረብ ግን የትኛው ልክ እንደሆነ እርግጠኛ አልነበረችም።

እዚህ ላይ የጥያቄው ቁጥሮች ራሳቸው ስህተቱን ይደብቁታል። 20 እና 30 ስለሚቀራረቡ ትክክለኛውና የተሳሳተው መልስ በአንድ ብቻ ይለያያሉ። ስለዚህ ቁጥሮቹን ቀየርኩላት፤ መኪናው በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ወጥቶ በ90 ቢመለስስ? ደምሮ ለሁለት ማካፈል 50 ይሰጣል። አሁን መንገዱ 90 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። ሲወጣ 9 ሰዓት ፈጀበት፤ ሲመለስ 1 ሰዓት። በ10 ሰዓት 180 ኪሎ ሜትር ሄደ፤ አማካዩ 18 ነው። 50 እና 18 አይምታቱም። ምክንያቱም ከአሥሩ ሰዓት ዘጠኙን መኪናው ያሳለፈው እየዳኸ ነው፤ ሾፌሩን «እንዴት ነበር ጉዞው» ብንለው «ቀኑን ሙሉ ዳገት ላይ ዋልኩ» ይለናል እንጂ ግማሽ በግማሽ አያደርገውም። ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ስንመለስም ነገሩ ያው ነው፤ 3 ሰዓት በ20፣ 2 ሰዓት በ30፤ ሦስት ጊዜ 20 እና ሁለት ጊዜ 30 ተደምሮ ለ5 ሲካፈል 24። ደምሮ ለሁለት ማካፈል የሚሠራው በሁለቱ ፍጥነቶች የተጓዘበት ጊዜ እኩል ሲሆን ነው፤ እዚህ ግን እኩል የሆነው ርቀቱ ነው።

ይህን ሁሉ ስል ሁልጊዜ ማስረዳት ይሻላል ማለቴ አይደለም። ተማሪው ጥያቄውን ብቻ አንስቶ ምንም ሳይሞክር ሲልክ፣ ወይም የተሰረዘው ሁሉ በየት እንደሚጀመር እንኳን ያልገባው መሆኑን ሲያሳይ፣ የሚነበብ ሐሳብ የለም። እዚያ ላይ «ራስህ ሞክር» ማለት ጊዜ ማባከን ነው፤ አንድ ተመሳሳይ ጥያቄ በሌሎች ቁጥሮች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሠርቼ እልክና የእሱን እንዲሠራ እተውለታለሁ። የላከውን ራሱን ሠርቼ አልልክም፤ ምክንያቱም የሚገለበጥ ሲሆን መነበቡ ይቀራል። ስሌቱ ንጹሕ ሆኖ «ልክ ነኝ?» የሚል ጥያቄ ሲመጣ ደግሞ ማረም በቂ ነው፤ እንዲያውም የሚሻለው ተማሪው ራሱ የሚያርምበትን መንገድ መስጠት ነው። በእኛ ጥያቄ ይህ መንገድ d ላይ አንድ ምቹ ቁጥር ተክቶ ሰዓቶቹን መቁጠር ነው፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ መምህር ሳይጠየቅም ይሠራል። ነገ ፈተና ያለበት ልጅ ማታ በ4 ሰዓት ሲልክም ነገሩ ይለያል፤ የዚያን ሰዓት የክፍልፋይን ሥረ ነገር መክፈት ጭንቀት ከመጨመር በቀር አይጠቅመውም። የተበላሸውን መስመር አሳይቶ ቀሪውን ከፈተናው በኋላ ማድረግ ይሻላል፤ ግን ከፈተናው በኋላ መመለሱን መርሳት አይገባም።

ንባቡ የሚከሽፍበት ጊዜም አለ። ተማሪው ከጓደኛው ሲገለብጥ መስመር ዘልሎ የሰረዘው ስረዛ ስለ ሐሳቡ የሚናገረው ነገር የለም፤ ይህም የሚታወቀው ከሥሩ ያው ነገር በትክክል ተደግሞ ሲጻፍ ነው። በእስክሪብቶ ድፍን ተደርጎ የጠቆረ ስሌት ጨርሶ አይነበብም። ብዙ ልጆች ድፍን የሚያደርጉት ስህተት መታየቱ ስለሚያሳፍራቸው ነው፤ ጥፋቱም በከፊል የእኛ የመምህራን ነው፤ ደብተር ሲቆሽሽ እንቆጣለን። እኔ አሁን ክፍል ውስጥ የምጠይቀው በአንድ ቀጭን መስመር እንዲሰርዙና ከጎኑ ለምን እንደሰረዙ አንድ ቃል እንዲጽፉ ነው፤ «በዛ»፣ «ኔጋቲቭ ሆነ»፣ «ግራ ገባኝ» ይበቃል። ያቺ ልጅ ከ50 ጎን «ከ30 በለጠ» ብላ ጽፋ ቢሆን ኖሮ እኔም ያንን የመጀመሪያ ማብራሪያ አልጀምረውም ነበር።

ስለ ፎቶው ራሱም አንድ ነገር ልበል። ቴሌግራም ምስሉን እንደ ፎቶ ሲልከው ያሳንሰዋል፤ በዚያ ላይ የእጅ ጥላ ካረፈበት 1 እና 7 ይምታታሉ፤ አግድም የተሳበ ስረዛም የመቀነስ ምልክት ወይም የክፍልፋይ መስመር ይመስላል። ምስሉ እንደ ፋይል ሲላክ ጥራቱ አይቀንስም። ደብተሩ ተዘርግቶ፣ በቀን ብርሃን፣ ጥያቄው ራሱ ሳይቆረጥ ቢነሳ ይመረጣል። ያልተነበበ ቁጥር ካለ ገምቶ ከመመለስ በፊት «ሦስተኛው መስመር ላይ ያለው ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይቀላል፤ ተማሪው መስመሩን ሲያነብልህ አንዳንዴ ስህተቱን ራሱ ይሰማዋል።

በማግስቱ ልጅቷ ሌላ ፎቶ ላከችልኝ። ከዚያው ደብተር ሁለት ሦስት ገጽ ወደ ኋላ የሚገኝ፣ ምንም ያልተሰረዘበት፣ በንጹሕ ጽሑፍ የተሠራ የቤት ሥራ ነበር። ጥያቄው አንድ ሠራተኛ ብቻውን በ20 ቀን፣ ሌላው ብቻውን በ30 ቀን የሚጨርሱትን እርከን አብረው ቢሠሩ በስንት ቀን እንደሚጨርሱ ይጠይቃል። 1/20 እና 1/30 ተደምረው 2/50 ሆነዋል፤ እሱም 1/25፤ መልሱ 25 ቀን ተብሎ በሳጥን ተከቧል። ይህኛውም 25 በ20 እና በ30 መካከል ስለሆነ ማንም አልተጠራጠረውም፤ ደብተሩን ያየ ሰውም አላስተዋለውም። አሁን ግን ልጅቷ ሳጥኑ ላይ በአንድ ቀጭን መስመር ሰርዛ፣ ከጎኑ 12 ጽፋለች። ከፎቶው ሥርም እንዲህ የሚል ነበር፦ «ቲቸር፣ አንደኛው ብቻውን በ20 ቀን የሚጨርሰውን ሁለት ሆነው እንዴት 25 ቀን ይፈጅባቸዋል?»